ጎማው ንቅንቅ ብሎ የሚቆመው በኮዱ ምክንያት አይደለም

«መስመር የሚከተል ሮቦት ለመሥራት አርዱዪኖ ኡኖ፣ ሁለት የኢንፍራሬድ ሴንሰሮች፣ ኤል 298 ኤን የሚባለውን የሞተር ድራይቨር፣ ጎማ ያላቸው ሁለት ቢጫ ሞተሮችና አራት ማዕዘን ባለ 9 ቮልት ባትሪ ገዛሁ። በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ሳገናኘው የሴንሰሮቹ መብራት ይበራል። ባትሪውን ስሰካ ግን ጎማዎቹ ንቅንቅ ብለው ይቆማሉ፤ የአርዱዪኖው መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ኮዱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፣ ለውጥ የለም። ጓደኛዬ ‹ድራይቨሩን ትተህ ሞተሩን በቀጥታ ከአርዱዪኖው ጋር አገናኘው› ይለኛል። ከዚህ በፊት ኤሌክትሮኒክስ ነክቼ አላውቅም። የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት መሄድ አለበት?»

ኮዱን ለጊዜው ይተዉት። ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ቢቀይሩትም ጎማዎቹ ንቅንቅ ብለው ከመቆም አያልፉም። ሞተር ሊነሣ ሲል የአርዱዪኖው መብራት አብሮ ከጠፋ፣ የጎደለው ኤሌክትሪክ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። አራት ማዕዘኗ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ውስጥ 1.5 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ጥቃቅን ሴሎች ተደርድረዋል። ባትሪዋ የተሠራችው ለጭስ ማስጠንቀቂያና ለመልቲሜትር፣ በአጠቃላይ ጥቂት ፍሰት ለረዥም ጊዜ ለሚፈልጉ ዕቃዎች ነው። ሴሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ የውስጥ ሬዚስታንሷ ከፍተኛ ነው፤ አዲስ አልካላይን ብትሆን እንኳ 2 ኦም ገደማ ይደርሳል፣ ስታገለግል ደግሞ እየጨመረ ይሄዳል። ቢጫው ሞተር ያለ ጫና ሲሽከረከር 200 ሚሊአምፔር አካባቢ ይበቃዋል። ከቆመበት ሲነሣ ግን ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ጊዜ ተነሥተው በድምሩ 1.5 አምፔር ሳቡ እንበል፤ 1.5 በ2 ሲባዛ 3 ነው፣ ስለዚህ 3 ቮልት እዚያው ባትሪዋ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ከ9 ቮልት የሚወጣው 6 ብቻ ይሆናል። አርዱዪኖ ኡኖ ደግሞ VIN በሚባለው የኤሌክትሪክ መግቢያው በኩል ሲመገብ ቢያንስ 7 ቮልት ይፈልጋል። ባትሪዋ ትንሽ ያገለገለች ከሆነች ውድቀቱ ከዚህም ይብሳል።

ቮልቴጁ ሲወድቅ አርዱዪኖው ይጠፋና ሞተሮቹ ይቆማሉ። ሞተሮቹ ሲቆሙ ባትሪዋ ትንፋሽ ታገኛለች፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ አርዱዪኖው እንደገና ይነሣል፣ ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር ይጀምርና ሞተሮቹን ያዝዛል። ከዚያም እንደገና ይወድቃል። እርስዎ ብልጭ ድርግም ሲል ያዩት ይህንኑ ዙር ነው። በዩኤስቢ ሲሆን ደህና የሚመስለው ኮምፒውተሩ 5 ቮልት ስለሚሰጥና ሴንሰሮቹ የሚፈልጉት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ሞተሮቹ በዚያን ጊዜ የሚመግባቸው የለም። የሴንሰር መብራት መብራቱ ሴንሰሩ ኤሌክትሪክ ማግኘቱን እንጂ ሌላ ምንም አያረጋግጥም።

የጓደኛዎን ምክር አይከተሉ። የአርዱዪኖ ኡኖ አንድ ፒን በደኅና የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ነው፤ 40 ሲደርስ የመጨረሻው ወሰን ላይ ነው። ሞተሩ ያለ ጫና ሲሽከረከር ብቻ የዚህን ወሰን አምስት እጥፍ ይጠይቃል። ድራይቨሩ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከአርዱዪኖው ትእዛዙን ብቻ ይቀበልና ለሞተሩ ፍሰቱን ከባትሪው ይሰጣል። በዚያ ላይ ሞተር ውስጡ ጥቅል ሽቦ ስለሆነ፣ ፍሰቱ በድንገት ሲቋረጥ ከተመገበው በላይ የሆነ ቮልቴጅ ወደ ኋላ ይረጫል። ፒኑ ሲቃጠል አይጨስም፣ አይሸትም፤ ዝም ብሎ መታዘዝ ያቆማል። ከዚያ በኋላ በሞተ ፒን ላይ ሳምንት ሙሉ ስህተት ሲፈልግ የሚኖር ጀማሪ ብዙ ነው። ምክሩን ቀደም ብለው ሞክረውት ከሆነ፣ የተጠቀሙበትን የፒን ቁጥር ይጻፉና ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት።

እንግዲህ መጀመሪያ የሚለወጠው ባትሪው ነው። የእኔ ምክር ስድስት AA መጠን ያላቸው አልካላይን የባትሪ ድንጋዮችን፣ ማለትም በሪሞት ኮንትሮል ውስጥ የሚገቡትን ዓይነት፣ በተከታታይ በሚይዝ አንድ መያዣ መጠቀም ነው። ስድስት ጊዜ 1.5 ያው 9 ቮልት አይደለም ወይ ይሉኝ ይሆናል። ቁጥሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ አንገት ባለው ጠርሙስና አፈ ሰፊ በሆነ ማሰሮ መካከል እንዳለው ነው። ትልቁ ድንጋይ የውስጥ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ሞተሮቹ አንድ ተኩል አምፔር ሲጠይቁ ሳይንበረከክ ይሰጣል። በሁለት የሊቲየም ሴሎች የሚሠሩም አሉ፤ 7.4 ቮልት ስለሚሰጡና ስለሚሞሉ ለኋላ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ለመጀመሪያ ሥራ ግን አልመክርም። የመጀመሪያ ሮቦቱን የሚያገናኝ ሰው አንድ ጊዜ ቀይና ጥቁር ሽቦ ማነካካቱ አይቀርም፤ አልካላይን ድንጋይ ሲነካካ ይግላል፣ መከላከያ የሌለው የሊቲየም ሴል ግን እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ። ከባትሪ መያዣው አንድ ድንጋይ ያውጡና ሁሉም ተገናኝቶ እስኪያልቅ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ማብሪያ ማጥፊያ ካለዎት በቀዩ ሽቦ መካከል ያስገቡት።

የድራይቨሩን ሰሌዳ ጥቁሩ የማቀዝቀዣ ብረት ከላይ ሆኖ ሲያዩት፣ ሦስት ቪቴ ያሉት ሰማያዊ ማያያዣ ያገኛሉ። አጠገቡ 12V፣ GND እና 5V ተብሎ ተጽፏል፤ GND ግራውንድ ማለት ነው። ከባትሪው የሚመጣው ቀይ ሽቦ 12V ወደሚለው ይገባል። ስሙ አያስፈራዎት፤ የሞተር መመገቢያ ማለት ነው፣ 9 ቮልት ይቀበላል። ከዚያው ቀዳዳ ሌላ ሽቦ አብረው ያስገቡና ወደ አርዱዪኖው VIN ይውሰዱት። ጥቁሩ የባትሪ ሽቦ ወደ GND ይገባል፤ ከእርሱም ጋር አንድ ሌላ ሽቦ ወደ አርዱዪኖው GND ይሄዳል። 5V የሚለውን ቀዳዳ ባዶውን ይተዉት። ከማያያዣው በስተኋላ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ አይንቀሉ፤ ድራይቨሩ ለራሱ የሚያስፈልገውን 5 ቮልት ከ9 ቮልቱ እንዲያወጣ የምታደርገው እርሷ ናት።

ቪቴውን ካጠበቁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በቀስታ ይሳቡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሽቦውን ፕላስቲክ ልባስ ጭምር ከቪቴው ሥር በማስገባት ነው። ከውጭ ሲያዩት ጥብቅ ብሎ ይዟል፤ ከውስጥ ግን ቪቴው የረገጠው መዳቡን ሳይሆን ፕላስቲኩን ነው። ስድስት ሚሊሜትር ያህል ይላጡ፣ የመዳብ ክሮቹን በጣትዎ ይጠምዝዟቸው፣ አንዲት ክር እንኳ ወጥታ ጎረቤቱን ቀዳዳ እንዳትነካ ይዩ።

ከሁሉም ሽቦዎች አንዷን ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ፣ ከድራይቨሩ GND ወደ አርዱዪኖው GND የምትሄደውን እመርጣለሁ። ጀማሪ በብዛት የሚረሳት እርሷን ነው፤ ምክንያቱም ምንም የምትሠራ አትመስልም። አርዱዪኖው በአንድ ፒን ላይ 5 ቮልት አወጣሁ ሲል ከራሱ ግራውንድ አንጻር ነው የሚናገረው። ድራይቨሩ ያንን ካልተጋራ፣ አምስቱ ቮልት ከምን ተነሥቶ እንደተለካ ሊያውቅ አይችልም። ሁለት ሰዎች ቁመታቸውን ለማወዳደር አንዱ ከወለሉ፣ ሌላው ከወንበር ላይ ሆኖ እንደመለካት ነው። ምልክቱም ግራ የሚያጋባ ነው፦ ሞተሩ አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆማል፣ ሽቦውን በእጅ ሲነኩት ጠባዩ ይለወጣል። ለሞተሮቹና ለአርዱዪኖው የተለያዩ ባትሪዎችን ቢጠቀሙም ይህቺ ሽቦ የግድ ትኖራለች።

የግራው ሞተር ሁለት ሽቦዎች OUT1 እና OUT2 ወደሚሉት፣ የቀኙ ደግሞ OUT3 እና OUT4 ወደሚሉት ቪቴዎች ይገባሉ። የትኛው ሽቦ የቱ ጋ እንደሚገባ አሁን አይጨነቁ። ጎማው ወደ ኋላ ከዞረ የዚያን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር በቂ ነው፤ ኮድ አይነካም።

ከሰሌዳው ጠርዝ ላይ ደግሞ ENA፣ IN1፣ IN2፣ IN3፣ IN4፣ ENB የሚል ጽሑፍ ያላቸው ፒኖች አሉ። በENA እና በENB ላይ ቆብ ተሰክቷል። ቆቡ እዚያው ካለ ሞተሩ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፤ መስመር ለመከተል ደግሞ ሙሉ ፍጥነት አይፈለግም። ስለዚህ ሁለቱንም ቆቦች ይንቀሉ። ከእያንዳንዱ ቆብ ሥር ሁለት ፒኖች ይወጣሉ፤ ከIN1 እስከ IN4 ካሉት ጋር በአንድ መስመር የቆመችው፣ ወደ ጠርዙ ያለችው፣ የሚያስፈልገን ናት። ከኋላዋ ያለችው 5 ቮልት የያዘች ስለሆነች አይንኳት። ከዚያ ENA ከአርዱዪኖው 5፣ IN1 ከ7፣ IN2 ከ8፣ IN3 ከ9፣ IN4 ከ10፣ ENB ከ6 ጋር ይገናኙ። 5 እና 6ን የመረጥኩት ፍጥነትን መቆጣጠር ከሚችሉት ፒኖች መካከል ስለሆኑ ነው፤ በአርዱዪኖው ሰሌዳ ላይ ከቁጥራቸው አጠገብ የሞገድ ምልክት አላቸው። 0 እና 1ን ለምንም አይጠቀሙ፤ ኮድ በዩኤስቢ የሚገባው በእነርሱ በኩል ነው፣ ሌላ ነገር ከተያያዘባቸው መጫኑ እምቢ ሊል ይችላል።

ሴንሰሮቹ እያንዳንዳቸው ሦስት እግር አላቸው፦ VCC፣ GND እና OUT። ሁለቱም VCC ወደ አርዱዪኖው 5V፣ ሁለቱም GND ወደ GND ይሄዳሉ። አርዱዪኖው በዚህ በኩል ያለው የ5V ቀዳዳ አንድ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ብሬድቦርድ፣ ማለትም ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ያስፈልግዎታል፤ 5V እና GNDን ወደ ብሬድቦርዱ ረዣዥም መስመሮች ወስደው ከዚያ ያከፋፍሉ። የግራው ሴንሰር OUT ወደ 2፣ የቀኙ ወደ 3 ይሂድ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ VIN እና 5V በአርዱዪኖው ላይ የሚገኙት በአንድ ረድፍ ተጠጋግተው ነው፣ በመካከላቸው ሁለት የGND ቀዳዳዎች ብቻ አሉ። ዘጠኙን ቮልት ተሳስተው 5V ላይ ከሰኩት የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ዋናው ቺፕ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም። የመጨረሻውን ድንጋይ ከመመለስዎ በፊት ይህንን ሽቦ ብቻ ለሁለተኛ ጊዜ በጣትዎ ተከትለው ያረጋግጡ።

ስለ ሴንሰሩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከባትሪው ቀጥሎ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው አምፖል ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ታች ይልካል፤ ሌላኛው ተንጸባርቆ የተመለሰውን ይቀበላል። ነጭ ወለል ብዙውን ይመልሳል፣ ጥቁር መስመር ብዙውን ይውጣል። በሴንሰሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ኤልኤም 393 የተባለ ትንሽ ቺፕ የተመለሰውን መጠን እርስዎ በቪቴ ከወሰኑት ልክ ጋር ያነጻጽርና አዎ ወይም አይደለም ብቻ ይላል። ስለዚህ ሴንሰሩ «ጥቁር አየሁ» አይልም፤ የሚለው «ከተባልኩት ያነሰ ብርሃን ተመለሰልኝ» ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የሴንሰርን ጠባይ ሁሉ ይረዳል።

ለምሳሌ ሴንሰሩ ከወለሉ አራት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከተሰካ ከነጭም የሚመለሰው ብርሃን ያንሳል፤ ሁሉም ጥቁር ይመስለዋል። ከወለሉ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ በቀጥታ ወደ ታች ይመልከት። የፀሐይ ብርሃን በራሱ ብዙ ኢንፍራሬድ ይዟል፤ ስለዚህ ማታ በደንብ የሄደ ሮቦት ጠዋት መስኮት አጠገብ ሲደርስ ይስታል። በአንድ ወቅት እኔ ራሴ በጥቁር ቀለም ያተምኩትን ጎዳና ሮቦቱ እንደሌለ ቆጥሮ ሲያልፍበት አንድ ሙሉ ምሽት ሽቦ ስፈታና ስገጥም አሳልፌያለሁ። ቀለሙ ለዓይኔ ድቅድቅ ጥቁር ነበር፤ ለኢንፍራሬድ ግን ከወረቀቱ አይለይም ነበር። አንዳንድ የማርከርና ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀሙ ፕሪንተሮች ቀለሞች እንደዚያ ናቸው። ጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ በነጭ ወረቀት ላይ ይለጥፉ፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርሃን እንደ መስታወት ስለሚመልስ የደበዘዘውን ይምረጡ።

ማስተካከያው የሚከናወነው ሞተሮቹ ሳይነኩ፣ በዩኤስቢ ብቻ ነው። ሴንሰሩን በነጩ ወረቀት ላይ በሚውልበት ከፍታ ይያዙ፣ በሰማያዊዋ ትንሽ ሣጥን ላይ ያለችውን ቪቴ በትንሽ ካቻቢቴ እያዞሩ የሴንሰሩ አመልካች መብራት እንዲበራ ያድርጉ። ከዚያ ወደ ናስትሮው ያንሸራቱት፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቪቴዋን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመልሱ። በነጭ በርቶ በጥቁር የሚጠፋበትን ክልል ሲያገኙ ዳር ላይ አይተዉት፤ የክልሉን መካከል ይፈልጉ፣ ያለበለዚያ ወረቀቱ ትንሽ ሲሸበሸብ ይስታል። መብራቱ በምንም ካልተለወጠ የስልክዎን ካሜራ ወደ ሴንሰሩ አምፖል ያዙሩት፤ ብዙ ካሜራዎች፣ በተለይ የፊት ለፊቱ፣ ኢንፍራሬዱን ፈዛዛ ሐምራዊ ብርሃን አድርገው ያሳያሉ። ከታየ አምፖሉ ይሠራል።

ቀጥሎ አርዱዪኖው የሚያነበውን ማየት ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ካሉት ሴንሰሮች አብዛኞቹ በነጭ ላይ 0፣ በጥቁር ላይ 1 ይሰጣሉ፤ ተቃራኒውን የሚሰጡም ስላሉ የእርስዎን አይገምቱ፣ ይለኩት፦

```
void setup() {
  pinMode(2, INPUT);
  pinMode(3, INPUT);
  Serial.begin(9600);
}
void loop() {
  Serial.print(digitalRead(2));
  Serial.print(" ");
  Serial.println(digitalRead(3));
  delay(200);
}
```

ይህን ጭነው Serial Monitor ሲከፍቱ ሁለት ቁጥሮች ይወርዳሉ። ናስትሮውን ከግራው ሴንሰር ሥር ሲያስገቡ መለወጥ ያለበት የግራው ቁጥር ነው። የቀኙ ከተለወጠ በ2 እና በ3 ላይ ያሉትን ሽቦዎች ያቀያይሩ። ይህን ሳያረጋግጡ ካለፉ ሮቦቱ መስመሩን በመከተል ፋንታ ከመስመሩ የሚሸሽ ይሆናል፤ ያኔም እንደገና ኮዱን መጠራጠር ይጀምራሉ።

ሁለቱን ሴንሰሮች በሮቦቱ ፊት ለፊት፣ ከጎማዎቹ ቀደም ብለው ይስቀሏቸው። ናስትሮው በመካከላቸው እንዲያልፍ ነው የምንፈልገው፤ የተለመደው ናስትሮ ስፋቱ 19 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ ከአንዱ ሴንሰር መካከል እስከ ሌላው መካከል 30 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ሁለቱም በነጩ ላይ ይውላሉ። ሮቦቱ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት መስመሩ ከግራው ሴንሰር ሥር ይገባል፤ ያኔ የግራውን ጎማ ብናቆመው የቀኙ ገፍቶ ወደ ግራ ይመልሰዋል። ሙሉው አሠራር ይኸው ነው፣ ኮዱም ከዚህ አይበልጥም፦

```
void setup() {
  for (int p = 5; p <= 10; p++) pinMode(p, OUTPUT);
  digitalWrite(7, HIGH);
  digitalWrite(8, LOW);
  digitalWrite(9, HIGH);
  digitalWrite(10, LOW);
}
void loop() {
  bool l = digitalRead(2) == HIGH;
  bool r = digitalRead(3) == HIGH;
  analogWrite(5, l ? 0 : 130);
  analogWrite(6, r ? 0 : 130);
}
```

ሴንሰርዎ በጥቁር ላይ 0 የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱን የHIGH ቃላት፣ bool በሚሉት መስመሮች ላይ ያሉትን ብቻ፣ በLOW ይተኩ። 130 የሚለው ፍጥነቱ ነው፤ የመጨረሻው 255 ነው። ዝቅ ያደረግሁት በሁለት ምክንያት ነው። ኤል 298 ኤን ያረጀ ንድፍ ስለሆነ 2 ቮልት ገደማ በራሱ ላይ ያስቀራል፤ እንዲያም ሆኖ ከ9 ቮልት 7 ያህል ይተርፋል፣ ቢጫው ሞተር የተሠራው ደግሞ ከ3 እስከ 6 ቮልት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፈጣን ሮቦት ኩርባውን ሴንሰሩ ሳይነግረው ያልፋል። ጎማው እየጮኸ የማይነሣ ከሆነ ወደ 150 ከፍ ያድርጉት።

ድንጋዩን መልሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩት ጎማዎቹ ወለል እንዳይነኩ ሮቦቱን በመጽሐፍ ላይ ያስቀምጡት። ነጭ ወረቀት ከሁለቱም ሴንሰሮች ሥር ሲያስገቡ ሁለቱም ጎማዎች ወደ ፊት መዞር አለባቸው፤ ናስትሮውን ከግራው ሥር ሲያደርጉ የግራው ብቻ ይቆማል። መልቲሜትር ካለዎት በVIN እና በGND መካከል ይለኩና አንዱን ጎማ ለአንድ ሰከንድ በጣትዎ ይያዙት። ቁጥሩ ከ7 በታች ካልወረደ የመጀመሪያው ችግርዎ ተፈትቷል። ከወረደ ድንጋዮቹ ደክመዋል ወይም አንድ ቪቴ ላልቷል። ጎማውን ለረዥም ጊዜ ይዘው አይቆዩ፤ ሞተሩም ድራይቨሩም ይግላሉ።

ሁሉም በመጽሐፉ ላይ በትክክል ከሠራ በኋላ ወለል ላይ ሲያወርዱት ሊገጥምዎት የሚችል አንድ ሌላ ነገር አለ። ሞተሮቹ ቆመው ሳሉ ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፣ ሲዞሩ ግን ሴንሰሮቹ ያለ ምክንያት ይዘላሉ። ሞተሩ ውስጥ ያሉት ብሩሾች ሲዞሩ የሚፈጥሩት ጥቃቅን ፍንጣሪ በሽቦዎቹ የሚያሰራጨው ረብሻ ነው። በእያንዳንዱ ሞተር ሁለት እግሮች መካከል 104 የሚል የተጻፈበት ትንሽ ሴራሚክ ካፓሲተር በስታኞ ይበይዱ፣ የሴንሰሮቹንም ሽቦዎች ከሞተሮቹ ሽቦዎች ያርቁ። ችግሩ ከሌለ ግን አይድከሙበት።

ይህ ሮቦት በሁለት ሴንሰሮች ምን እንደማይችል አስቀድመው ይወቁት። ለስላሳ ኩርባ ይከተላል፤ ድፍን ዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያልፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለቱም ሴንሰሮች ጥቁር ስለሚያዩ በዚህ ኮድ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መስመሩን ጨርሶ ከሳተው ሁለቱም ነጭ ስለሚያዩ መንገድ ላይ ያለ መስሎት በቀጥታ ይሄዳል እንጂ አይፈልግም። እነዚህን በፍጥነት ማስተካከያ ለመፍታት አይሞክሩ፤ አምስት ሴንሰሮች በአንድ ረድፍ ያሉበት ሰሌዳና ሌላ ኮድ ይጠይቃሉ። ለመጀመሪያው ጎዳና ኩርባዎቹን ከምግብ ሳህን ክብ ጠበብ አያድርጓቸው።

ያቺን አራት ማዕዘን ባትሪ ግን አይጣሏት። መልቲሜትር ከሌለዎት መግዛትዎ አይቀርም፤ ብዙዎቹ ጀርባቸው ሲከፈት የሚጠብቁት እርሷኑ ነው።